የወረቀት ቁልልን ሳይቆጥሩ መገመት፦ አንድ ፎቶ እና ሁለት የተቆጠሩ ናሙናዎች

አንድ መሥሪያ ቤት የድሮ ፋይሎቹን ስካን ማስደረግ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠየቀው “ስንት ገጽ ነው?” ተብሎ ነው። ዋጋው የሚሰላው በገጽ ነው። ስንት ቀን እንደሚፈጅና ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ የሚታወቀውም ከዚያው ቁጥር ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ግን ቁልል ብቻ ነው። ቁልሉ አንድ ቢሆን ቁጭ ብሎ መቁጠር ይቻላል። ሃያና ሠላሳ ሲሆን ግን ማንም አይሞክረውም፤ በዓይን ይገመትና በኋላ ጭቅጭቅ ይመጣል።

እዚህ የማሳያችሁ ዘዴ ስልክ፣ ጥቂት ባለቀለም ወረቀትና ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከቁልሉ ውስጥ ጥቂቱን በእጃችሁ ትቆጥራላችሁ። ከዚያ ቁልሉን ከጎን ፎቶ ታነሳላችሁ። የተቆጠረው ክፍል በፎቶው ላይ ስንት ፒክሰል እንደያዘ፣ ሙሉው ቁልል ደግሞ ስንት ፒክሰል እንደያዘ ትለካላችሁ። የቀረው ማባዛትና ማካፈል ነው።

```
የሉክ ብዛት = የናሙናው ሉክ × የቁልሉ ፒክሰል ÷ የናሙናው ፒክሰል
```

ሉክ ስል አንድ ወረቀት ማለቴ ነው፤ ሁለት ፊት አለው። ገጽ ስል አንዱን ፊት ማለቴ ነው። ሁለቱን መለየት መጨረሻ ላይ ዋጋ አለው።

ለምን በማስመሪያ ለክተን አናካፍልም?

ብዙ ሰው የሚያውቀው መንገድ ይሄ ነው። የተለመደው ባለ 80 ግራም ኤ4 ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። 500 ሉክ የያዘ አንድ ደስጣም 5 ሴንቲ ሜትር ወይም ትንሽ አለፍ ይላል። ስለዚህ 19 ሴንቲ ሜትር ቁልል 1,900 ሉክ ነው ይባላል። ላልተከፈተ አዲስ ደስጣ ይህ ያስኬዳል። ለድሮ ፋይል ግን አያስኬድም።

ምክንያቱ በሉኮቹ መካከል ያለው አየር ነው። የወረቀት ውፍረት በላቦራቶሪ ሲለካ ወረቀቱ በደንብ ተጭኖ ነው። አይኤስኦ 534 የሚባለው የመለኪያ ደንብ 100 ኪሎ ፓስካል ጫና ይጠይቃል። ጠረጴዛ ላይ ያለ ቁልል የሚጫነው የራሱ ክብደት ብቻ ነው። አንድ ባለ 80 ግራም ኤ4 ሉክ 5 ግራም ያህል ይመዝናል። 1,800 ሉክ ማለት 9 ኪሎ ነው። ይህ 9 ኪሎ በኤ4 ስፋት ላይ ሲያርፍ፣ ከታች ያለው የመጨረሻ ሉክ እንኳ የሚደርስበት ጫና 1.4 ኪሎ ፓስካል ቢሆን ነው። ከላቦራቶሪው ጋር ሲነጻጸር ከሰባ እጥፍ በላይ ያንሳል። ስለዚህ በሉኮቹ መካከል አየር አለ። ወረቀቱ በማተሚያ ማሽን ውስጥ አልፎ ከተጠማዘዘ፣ እጅ ካገላበጠው፣ እርጥበት ካገኘው ደግሞ አየሩ ይጨምራል። አየሩ ምን ያህል እንደሆነ ከማሸጊያው ላይ አታነቡትም። ማወቅ የሚቻለው ከራሱ ከቁልሉ ነው። ናሙና የምንቆጥረውም ለዚህ ነው።

አንደኛ፦ ቁልሉን ማዘጋጀት

ሁሉንም አግራፍና የስቴፕለር ሽቦ ማውጣት ከቻላችሁ አውጡ። ስካን ሊደረግ የተዘጋጀ ፋይል ከሆነ መውጣታቸው ስለማይቀር አሁኑኑ ቢሆን ይሻላል። ማውጣት ካልተፈቀደላችሁ ሽቦዎቹ በአብዛኛው የላይኛው ግራ ጥግ ላይ ናቸውና ፎቶውን ከተቃራኒው፣ ከግርጌው በኩል አንሱ። የሽቦ ክምር ያለበት ጥግ ቁልሉን አንሥቶ ሊያጋድለው ይችላል። እሱን በፎቶው ላይ እንዴት እንደምታውቁት በኋላ እነግራችኋለሁ።

ካርቶን ፎልደሮችን፣ የፕላስቲክ ሽፋኖችን፣ ወፍራም የምስክር ወረቀቶችን ለይታችሁ አውጡና ለብቻቸው ቁጠሩ። ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ ቶሎ ያልቃል። ቁልሉ ውስጥ ከቀሩ ግን አንዱ ካርቶን ብቻውን እንደ ብዙ ሉክ ይለካል። የታጠፈ ትልቅ ወረቀት ካለም ወይ ዘርጉት ወይ አውጡት። ያወጣችሁትን ሁሉ ከየት እንዳወጣችሁት የሚያሳይ ምልክት ቦታው ላይ ተዉ፤ የፋይሉ ቅደም ተከተል መዛባት የለበትም።

ቀጥሎ ቁልሉን በሁለት እጅ ይዛችሁ ጠረጴዛው ላይ እየመታችሁ ጠርዙን አስተካክሉ። ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቁልል ይንገዳገዳልና ለሁለት ክፈሉት። የተስተካከለውን ቁልል ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡ። ጠረጴዛው የጎበጠ ከሆነ ከሥር ጣውላ አድርጉ።

አሁን ክብደት ጫኑበት። ከላይ የኤ4 መጠን ያለው የማይታጠፍ ጣውላ አድርጉና በውኃ የተሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን መሐሉ ላይ አስቀምጡ። ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን እንዳትዘሉት አጥብቄ እላለሁ። ያለ ክብደት የላይኞቹ ሉኮች ምንም ጫና የለባቸውም፤ የታችኞቹ ደግሞ ሙሉው ቁልል ተጭኗቸዋል። ስለዚህ ላይ ያለው አንድ መቶ ሉክ ታች ካለው አንድ መቶ ሉክ ይወፍራል። 5 ኪሎ ስትጭኑ ልዩነቱ ፈጽሞ ባይጠፋም በጣም ይጠባል። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ አየሩ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው።

ሁለተኛ፦ ናሙናውን ከቦታው ሳያወጡ መቁጠር

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ናሙናው ላይ የተሳሳታችሁት ሁሉ በኋላ ይባዛል። 200 ቆጠርኩ ብላችሁ በእውነቱ 199 ከሆነ ስሕተቱ አንድ ሉክ ነው። ቁልሉ የናሙናው ዘጠኝ እጥፍ ከሆነ ግን ስሕተቱ ዘጠኝ ሉክ ይሆናል።

ናሙናውን ከላይ አንሥታችሁ ጎን ላይ አታስቀምጡ። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ጎን ላይ የተቀመጠ ናሙና ጫና ስለሌለበት ይነፋል። ሁለተኛ፣ ከካሜራው ያለው ርቀት ከቁልሉ ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። ካሜራው 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነና ናሙናው ከቁልሉ ፊት 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ካፈገፈገ በ5 በመቶ አካባቢ አንሶ ይታያል። ከ1,800 ሉክ 5 በመቶ 90 ሉክ ነው። በዓይን ግን 3 ሴንቲ ሜትር ምንም አይመስልም።

ስለዚህ ናሙናው እዚያው ቁልሉ ውስጥ ይቆይ። ባለቀለም ወረቀት፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ቢሆን ጥሩ ነው፣ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት እያደረጋችሁ በቁመቱ ቁረጡ። ክብደቱን አንሡና ከላይ ሩብ ያህሉን ገልብጣችሁ አስቀምጡ። እዚያ ላይ አንዱን ቁራጭ ከፊት ጠርዝ ትንሽ ወጣ አድርጋችሁ አኑሩ። ከዚያ 200 ሉክ ቁጠሩና ሁለተኛውን ቁራጭ አስገቡ። ገለል ያደረጋችሁትን መልሳችሁ ከላይ ጫኑ። በሁለቱ ቁራጮች መካከል ያለው አሁን 200 ነው። የፋይሉ ቅደም ተከተልም አልተነካም።

አቆጣጠሩ እንዲህ ይሁን። ጥጉን በአውራ ጣት እየገለጣችሁ በአምስት አምስት ሂዱ፤ 50 ሲደርስ ትንሽ ወረቀት ጣል አድርጉና ቀጥሉ። ሲያልቅ ከሌላኛው ጫፍ እንደገና ቁጠሩ። ከቻላችሁ ሁለተኛውን ቆጠራ ሌላ ሰው ያድርገው፣ የመጀመሪያውን ቁጥር ሳትነግሩት። ሁለቱ ካልገጠሙ ሦስተኛ ጊዜ ይቆጠራል። አዲስ ወረቀትና በሌዘር ማተሚያ የወጣ ወረቀት እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ሁለቱ እንደ አንድ ያልፋሉ። ጥጉን እጠፍ ዘርጋ አድርጋችሁ አየር ካስገባችሁበት ይላቀቃል። ለ50 ምልክት የጣላችኋቸውን ትናንሽ ወረቀቶች ሁሉ ማውጣት አትርሱ።

ሁለተኛ ናሙናም አድርጉ፣ ከታች ሩብ አካባቢ፣ እንደገና 200። አንድ ናሙና ስለራሱ ብቻ ነው የሚናገረው። ሁለት ናሙና ግን ቁልሉ ውስጡ ተመሳሳይ መሆን አለመሆኑን ይነግራችኋል። ስትቆጥሩ ሌላም ነገር መዝግቡ፦ ከ200ው ስንቱ በሁለቱም ፊት እንደታተመ ወይም እንደተጻፈበት። እጃችሁ እየገለጠው ስለሆነ ተጨማሪ ሥራ የለውም።

ሦስተኛ፦ ፎቶው

ክብደቱን መልሳችሁ ጫኑ። ስልኩን በመጻሕፍት ወይም በሣጥን ላይ አቁሙት፤ በእጅ ተይዞ አይሆንም። ሌንሱ ከቁልሉ መሐል ከፍታ ጋር እኩል ይሁን። የስልኩ ጀርባ ከቁልሉ ፊት ጋር ትይዩ ይሁን፤ ወደ ታችም ወደ ጎንም አይዘንበል። ጠባቡን ጎን፣ 21 ሴንቲ ሜትሩን፣ ነው የምታነሱት። ስልኩን አቁማችሁ በቁመቱ ያዙት።

ርቀቱን 60 ሴንቲ ሜትር አድርጉና 2x የሚለውን ንኩ። በጣም ቀርቦ በሰፊው ሌንስ ማንሳት የፎቶውን ዳር ዳር ያጎብጣል። ቁልሉ በፎቶው መሐል ይሁን፤ ከላይም ከታችም ባዶ ቦታ ይተው። ብርሃኑ ከጎን ቢመጣ የሉኮቹ መስመርና የቁራጮቹ ቀለም ጎልቶ ይታያል። ፍላሽ አጥፉ። ቁልሉን በጣት ነክታችሁ ካሜራው እንዲያተኩርበት አድርጉና በጊዜ ቆጣሪው አንሱ፤ ስክሪኑን ስትነኩ የሚፈጠረው ንዝረት ምስሉን ያደበዝዛል።

ፎቶው ደህና መሆኑን በቦታው ሆናችሁ አረጋግጡ። አስጠግታችሁ እዩት። የጣውላው የላይ ፊት ከታየ ካሜራው ከፍ ብሏል። የባለቀለሞቹ ቁራጮች ጠርዝ ስል ካልሆነ ትኩረቱ ስቷል። የቁልሉ ፊት ወደ አንድ በኩል እየጠበበ ከሄደ ስልኩ ዞሯል። እንደገና ማንሳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ፎቶውን ወደ ኮምፒውተር ስታዛውሩ በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ መጠኑ ይቀንሳል። ከ4,000 ፒክሰል ከፍታ ወደ 1,280 ከወረደ፣ አንድ ፒክሰል የነበረው አንድ ሉክ የፒክሰል ሲሶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጠርዝ ማንበብ ግምት ላይ ግምት ነው።

አራተኛ፦ ፒክሰሉን ማንበብ

በፔይንት መክፈት ይበቃል። የመዳፊቱን ቀስት ቁልሉ ላይ ስታስቀምጡ ከታች በኩል ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ። ሁለተኛው ቁጥር ከፎቶው አናት ወደ ታች ያለው ርቀት ነው፤ የምንፈልገው እሱን ነው። ወደ ታች ስትወርዱ ቁጥሩ ይጨምራል።

ፎቶውን አጉልታችሁ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ አራት ቦታ አንብቡ፦ የቁልሉን አናት፣ የናሙናውን መጀመሪያ፣ የናሙናውን መጨረሻ፣ የቁልሉን ሥር። ናሙናውን ስታነቡ ከባለቀለሙ ቁራጭ ውስጠኛ ጠርዝ እስከ ሌላኛው ውስጠኛ ጠርዝ ይሁን፤ ቁራጮቹ ራሳቸው አይግቡ። ይህን በሦስት ቦታ አድርጉት፦ በግራ፣ በመሐል፣ በቀኝ። ከግራና ከቀኝ ጥግ ትንሽ ገባ በሉ፤ ጥጎች የተጎሳቆሉና የታጠፉ ናቸው። ቁራጮቹ አንድ ጥግ ላይ ብቻ የሚታዩ ከሆነ ይህን ማድረግ አትችሉም። በቁልሉ ወርድ ሙሉ እንዲታዩ አድርጋችሁ ማስገባት ያለባችሁ ለዚህ ነው።

አንድ ቁልል ከነቁጥሩ

ከፍታው 18 ሴንቲ ሜትር የሆነ የደብዳቤ ቁልል እንውሰድ። አብዛኛው ባለ 80 ግራም ኤ4 ነው፤ ሽቦው ወጥቷል፣ 5 ኪሎ ተጭኖበታል። ሁለት ናሙና አለው፤ የላይኛውና የታችኛው እያንዳንዳቸው 200 ሉክ ናቸው።

በግራ በኩል የቁልሉ አናት 1,032 ላይ፣ ሥሩ 2,911 ላይ ተነበበ። ልዩነቱ 1,879 ፒክሰል ነው። የላይኛው ናሙና ከ1,420 እስከ 1,631 ነው፤ 211 ማለት ነው። የታችኛው 206 ሆነ። በመሐል ቁልሉ 1,875፣ ናሙናዎቹ 209 እና 207 ሆኑ። በቀኝ ደግሞ ቁልሉ 1,884፣ ናሙናዎቹ 211 እና 208።

ሦስቱን ስትደምሩ ቁልሉ 5,638፣ የላይኛው ናሙና 631፣ የታችኛው ናሙና 621 ይሆናል። መጀመሪያ መደመር፣ ከዚያ ማካፈል ይሻላል። የየመስመሩ ትናንሽ የንባብ ስሕተቶች በድምሩ ውስጥ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ።

በላይኛው ናሙና ብቻ ብናሰላ 200 ሲባዛ በ5,638 ሲካፈል ለ631፣ 1,787 ይመጣል። በታችኛው ብቻ 1,816። ሁለቱን አንድ ላይ ስናደርግ ናሙናው 400 ሉክ፣ ፒክሰሉ 1,252 ነው። ቁልሉ ውስጥ ያስገባናቸውን አራት ቁራጮች ደግሞ እንቀንሳለን። ኤክሴል ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

```
=400*5638/1252-4
```

ውጤቱ 1,797 ነው። እኔ የምጽፈው ግን “1,800 ገደማ” ብዬ ነው። ለምን ቢባል፣ በዚህ ፎቶ አንድ ሉክ ከአንድ ፒክሰል ትንሽ ነው የሚያልፈው። ናሙናው 210 ፒክሰል አካባቢ ነው። ጠርዙን ስታነቡ 2 ፒክሰል ብትስቱ 1 በመቶ ሳታችሁ ማለት ነው፤ ይህም በሙሉው ቁልል 18 ሉክ ይሆናል። ሙሉውን ቁልል ስታነቡ እነዚያኑ 2 ፒክሰሎች ብትስቱ ግን የሚያመጣው 2 ሉክ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቁልሉ አናትና ሥር ይልቅ የናሙናውን ጠርዝ አጥርታችሁ አንብቡ። 50 ሉክ ብቻ ቆጥሮ ናሙና ማድረግ የማይበቃውም በዚሁ ምክንያት ነው። ናሙናው 52 ፒክሰል ብቻ ሲሆን ያቺው የ2 ፒክሰል ስሕተት ወደ 70 ሉክ ትጠጋለች።

ሁለቱ ናሙናዎች የሰጡት ውጤት የ29 ሉክ ልዩነት አለው። የላይኛው ናሙና ወፍሯል፤ የታችኛው ቀጥኗል። አቅጣጫው የሚጠበቅ ነው፤ ከታች ያለው የበለጠ ተጭኗል። ልዩነቱም ትንሽ ነው። እዚህ ላይ ከ1,770 እስከ 1,830 ብሎ በልበ ሙሉነት መጻፍ ይቻላል። ሁለቱ ናሙናዎች 5 በመቶና ከዚያ በላይ ከተለያዩ ግን ጉዳዩ ጫና ብቻ አይደለም። ቁልሉ ውስጥ ሁለት ዓይነት ወረቀት አለ ማለት ነው፤ ለምሳሌ ታች ያለው የታይፕ ዘመን ስስ የካርቦን ቅጂ ሊሆን ይችላል። ያኔ አማካይ አትውሰዱ። ወረቀቱ የሚለወጥበትን ቦታ ፈልጋችሁ ቁልሉን እዚያ ላይ ክፈሉትና ለየብቻ አስሉ።

ቁጥሮቹ ራሳቸው የሚጠቁሙት ችግር

ከላይ ባለው ምሳሌ የግራ፣ የመሐልና የቀኝ ከፍታ በ9 ፒክሰል ውስጥ ነው። ያ ጤናማ ነው። ግራው ከቀኙ በ50 ወይም በ60 ፒክሰል ቢበልጥ ቁልሉ አጋድሏል። አብዛኛውን ጊዜ ያልወጣ ሽቦ ወይም የታጠፈ ጥግ ነው። በዚህ ጊዜ ናሙናውም በዚያው ልክ አጋድሎ እንደሆነ እዩ። እሱም በተመሳሳይ በመቶኛ ካጋደለ ሽቦው በሙሉ ቁልሉ ውስጥ ተበታትኗል፤ ስሌቱ ብዙም አይጎዳም። ናሙናው ቀጥ ያለ ሆኖ ቁልሉ ብቻ ካጋደለ ግን ሽቦው ከናሙናው ውጪ አንድ ቦታ ተከማችቷል። ፈልጉት።

መሐሉ ከሁለቱም ጫፎች በግልጽ ከበለጠ ወረቀቱ ሆዱ ተነፍቷል ወይም ጣውላው ጎብጧል። ጫፎቹ ከመሐሉ ከበለጡ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እርጥበት ነው። እርጥበት የጠጣ ወረቀት ጠርዙ ይሞገዳል፤ በፎቶው ላይ የሉኮቹ መስመር ቀጥ ብሎ በመሄድ ፈንታ ሲወዛወዝ ይታያል። እንዲህ ያለ ቁልል በክብደት ሥር አድሮ በማግስቱ ቢነሳ ይሻላል።

የኩሽና ሚዛን ካላችሁ ሌላ ማረጋገጫ አለ። አንዱን የ200 ሉክ ናሙና አውጥታችሁ መዝኑ፣ ሙሉውን ቁልልም ከፋፍላችሁ መዝኑ፣ አካፍሉ። ክብደት በሉኮቹ መካከል ያለ አየር አይነካውም። በእኛ ምሳሌ ናሙናው 1 ኪሎ፣ ቁልሉ 9 ኪሎ አካባቢ መምጣት አለበት። ብዙ ቁልል ካለ ሁሉንም መመዘን አድካሚ ነው። ግን አንዱን መዝናችሁ ከፎቶው ውጤት ጋር ከገጠመ በሌሎቹ ላይ ያላችሁ እምነት መሠረት ይኖረዋል።

ከሉክ ወደ ገጽ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ የተጠየቀው ገጽ ነው። በምሳሌአችን ከላይኛው ናሙና 40 ሉክ፣ ከታችኛው 90 ሉክ በሁለቱም ፊት ተጽፎባቸዋል። ከ400ው 130 ማለት ነው። ስለዚህ 400 ሉክ 530 ገጽ አለው። 1,800 ሉክ ደግሞ በዚሁ ስሌት 2,385 ገጽ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሁለቱ ናሙናዎች በውፍረት ተቀራራቢ ነበሩ፤ በገጽ ግን በጣም ተለያይተዋል። በላይኛው ብቻ ብናሰላ 2,160 ገጽ፣ በታችኛው ብቻ 2,610 ገጽ ይመጣል። የ450 ገጽ ልዩነት ነው። የሉኩ ግምት ጥብቅ ሆኖ ሳለ የገጹ ግምት ልቅ የሆነው ባለሁለት ፊት ሰነዶች በቁልሉ ውስጥ እኩል ስለማይበተኑ ነው። አንድ ረጅም ሪፖርት በሁለት ፊት ታትሞ አንድ ቦታ ይተኛል፤ ደብዳቤዎቹ በአንድ ፊት ሌላ ቦታ።

መፍትሔው ተጨማሪ ሉክ መቁጠር ሳይሆን በብዙ ቦታ መክፈት ነው። ቁልሉን ከላይ እስከ ታች በሃያ ቦታ ክፈቱ፤ በተቀራረበ ርቀት ይሁን። በእያንዳንዱ ቦታ 10 ሉክ ገልጣችሁ ስንቱ ጀርባው እንደተጻፈበት ጻፉ። የምታዩት 200 ሉክ ብቻ ነው፤ ግን ከሁሉም ጥልቀት የመጣ ስለሆነ ከሁለት ቦታ ብቻ ከተወሰደው 400 ይልቅ ለገጽ ስሌት ይታመናል። ከ200ው 58 ባለሁለት ፊት ቢሆን 200 ሉክ 258 ገጽ ነው። 1,800 ሉክ 2,322 ገጽ ይሆናል። ዋጋ ለሚያቀርበው ሰው “2,300 ገደማ” ብላችሁ ስጡት።

ብዙ ቁልሎች ካሉ የአንዱን ናሙና ለሌላው መጠቀም የሚቻለው ወረቀቱ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ አንድ ዓይነት ክብደት ሲጫን፣ ካሜራውም ከቦታው ሳይነቃነቅ ቁልሎቹ በየተራ እዚያው ምልክት ላይ ሲቀመጡ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ፕላስተር ለጥፉና የእያንዳንዱ ቁልል ፊት እሱ ላይ ይረፍ። እንዲያም ሆኖ በየአምስት ቁልሉ አዲስ ናሙና ቁጠሩ። የፎቶው ፋይል ስም ላይ የቁልሉን ቁጥርና የናሙናውን ሉክ አስገቡ። ባለቀለሞቹን ቁራጮችም ስካኑ እስኪያልቅ አታውጧቸው። ስካን የሚያደርገው ሰው ወደ ናሙናው ሲደርስ 200 ሉክ መውጣቱን ያያል፤ የቆጠራችሁት ትክክል መሆኑም በዚያው ይጣራል።